የአርብ መረቅ

የዶሮውን መረቅ በማንኪያ ጨልፌ፣ እፍ ብዬ እቀምሳለሁ። ጨው አንሶታል። ጨምሬ ደግሜ ስቀምስ ተሾመች ሁለት ሳህን ሰላጣ ተሸክማ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች።

«አርብ እኮ ነው፣ አንቺ!» ትለኛለች። «ያውም ፍልሰታ።»

ማንኪያው አፌ ውስጥ እንዳለ ነው።

«ሳልቀምስ ባቀርበው ማዳም ትገድለኛለች።»

«እኔ የኔዋን ራሷን ነው የማስቀምሳት። ሳይማ ነኝ፣ ጾም ላይ ነኝ ካልኳት ወዲህ ለምዳዋለች። ‹የናንተ ረመዳን አያልቅም እንዴ?› እያለች ትስቅብኛለች።»

ጠዋት የማዳም ልጆች ያስተረፉትን እንቁላል በልቻለሁ። ዐረብ አገር እንደመጣሁ ሰሞን ዳቦና ሩዝ ብቻ ነበር የምበላው። ሩዙ በሥጋ መረቅ እንደሚበስል ያወቅሁ ቀን አለቀስኩ። ከዚያ ማልቀሱን ተውኩት፤ ከዚያ ጾሙን።

ተሾመች የአገሬ ልጅ ናት፤ ኮበር ከተማ፣ የማዳሜ እህት ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ ቤተሰቡ ምሳ ለመብላት እዚህ እኛ ሰፈር አል ሻጢእ ሲሰበሰብ እኛም ጓዳ ውስጥ እንገናኛለን። ከእረፍቷ የተመለሰችው በዚህ ሳምንት ነው። አያቴ ስትቀበር እሷ እዚያው አገር ቤት ነበረች። እኔ መርዶዬን በስልክ ሰምቼ፣ ይህችው ምድጃ ጋ ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ያለቀስኩት።

ሳህኖቹን አስቀምጣ ከጡት መያዣዋ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ታወጣለች።

«ያንቺ ነው። አያትሽ ሳትታመም፣ ገና በሐምሌ መግቢያ ነው ያጻፈችኝ። እጅ ጽሑፌን አይተሽ እንዳትስቂ፤ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።»

እጄን በሽርጤ ጠርጌ እከፍተዋለሁ።

«ልጄ አምለሰት፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። በሰኔ ጾም የተቆጣሽኝን አልተቀየምኩም። ‹ወተት ትጠጪ ብዬ ሰው ቤት እየተቃጠልኩ አንቺ ትጾሚያለሽ? ለማን ብለሽ?› አልሽኝ። ስልኩ ቶሎ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ።»

ስልኩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

«የንስሐ አባቴ፣ አርጅተሻል፣ መድኃኒትም ትወስጃለሽ ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ከልክለውኛል። ጠዋት ቂጣ በሻይ ቀምሼ ክኒኔን እውጣለሁ። ወተቱንም ጠጪ ብለውኝ ነበር። እሱን እንኳ ይተዉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«በሰባ ሰባት እናትሽን አዝዬ እርዳታ ጣቢያ ሳለሁ ሁዳዴ ገባ። አንዷ ‹ይኸው እንደ መነኩሴ እየጾምን ነው› ብላ አሳቀችን። እኔ ግን ሆዴ ያውቀው ነበር። ያ ረሃብ ነው እንጂ ጾም አይደለም። የምተውለት ነገር አልነበረኝም። አሁን ባንቺ ድካም ወተት ቤቴ ይገባል። ጣሳው ሞልቶ ፊቴ ሲቀመጥ፣ ሽታው ሲመጣብኝ፣ ‹ጌታዬ፣ ይኼን ላንተ ትቼዋለሁ› እለዋለሁ። ይህን ለማለት ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ። ወተቱም አይደፋም፤ ለጎረቤታችን ለእልፍነሽ ሕፃን እሰጠዋለሁ።

«ጠዋት ተነስቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ውዳሴ ማርያሙንም ከሰማሁት የያዝኩትን ያህል። መስገድ ስላቃተኝ ግድግዳውን ይዤ ጎንበስ እላለሁ። ስጨርስ ‹ወለተ ኪዳንን አስባት› እላለሁ። በጸሎት ሰው የሚጠራው በተጠመቀበት ስም ነውና አምለሰት ብዬሽ አላውቅም። እዚያ ጾሙ ባይሆንልሽ አልፈርድብሽም፤ ሰው ቤት ያለ ሰው ያገኘውን ይበላል። ግን ስሞት ጥሪኝ። ከቤታችን የቀረሽኝ ጠሪ አንቺ ብቻ ነሽ። ስሜን ታውቂዋለሽ፤ አልነግርሽም።»

የመጨረሻዋን መስመር ደግሜ አነባታለሁ።

እኔ እናና እላታለሁ። ሰው ዘነበወርቅ ይላታል። ሁለቱም የክርስትና ስሟ አይደሉም። ወለተ… ወለተ ማን? ልጅ ሳለሁ በተኛሁበት ራስጌዬ ቆማ ስትጸልይ እሰማት ነበር። የኔን ስም ትጠራለች፣ የእናቴን፣ የጎረቤቱን ሁሉ። የራሷን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅ።

«አምለሰት! ኸላስ? አለቀ?» ትላለች ማዳም ከሳሎን።

«ደቂቃ፣ ማዳም!»

«ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?» ትላለች ተሾመች። «ጽሑፌ አልነበብ አለሽ?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ እከታለሁ። እሳቱን ዝቅ አደርጋለሁ። መልሼ ከፍ አደርገዋለሁ። ፊቷን ላለማየት ድስቱን እያማሰልኩ እጠይቃታለሁ።

«ቀብሯ ላይ… በፍትሐቱ… ቄሱ ማን ብለው ነው የጠሯት?»

ተሾመች ለቀልድ የተከፈተ አፏን ትዘጋዋለች። ሰላጣው ላይ የወደቀ ነገር ሳይኖር የምታነሳ ትመስላለች።

«አጸደ ማርያም» ትለኛለች፣ ለባዕድ ሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ።

ስሙን ልጠራው አፌን ስከፍት የመረቁ ቅባት ከንፈሬ ላይ ነው። ወደ ቧንቧው እዞራለሁ። በዚህ ወር እዚህ አገር የቀዝቃዛው ቧንቧ ውሃ ራሱ ያቃጥላል። እጉመጠመጣለሁ፣ እተፋለሁ። ቅባቱ አልለቅ ይላል። ደግሜ ጉንጬን እሞላለሁ።

ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። ጨዉ ደህና ነው ወይ ትለኛለች።

አፌ ውሃ እንደያዘ ንጹሕ ማንኪያ አንስቼ ከድስቱ እጨልፍና ራሷ እንድትቀምሰው እዘረጋላታለሁ።