የጸዳል ዘይት ዘፈን

በአብዮቱ ዘመን፣ መተማ ገበያ ላይ ግጥም የሚዋጣለት ሰው ማን ነው ቢባል፣ ሁሉም ዙፋንን ይጠራ ነበር። ዙፋን ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ትሸጣለች። ድስቱን እያማሰለች የምትደረድረውን ስንኝ ጓደኛዋ የሻረግ ተቀብላ ታዜመዋለች። የሻረግ ድምፅ አላት፤ ዙፋን ደግሞ ቃል። ሁለቱም ከደጋ አብረው ወርደው፣ አብረው በወባ ተንቀጥቅጠው፣ አብረው የኖሩ ናቸው።

አንድ ቀን ቸሩ የሚባል ሰው ጸዳል የተባለ አዲስ ዘይት በጭነት መኪና ይዞ መጣ። የፋብሪካው ሻጭ ነው። ገበያተኛው ግን ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሚሻገረውን የሱዳን ዘይት ለምዷልና ቆርቆሮውን አንኳኩቶ ያልፋል።

ቸሩ ወጥ ሊበላ ገብቶ ሴቶቹ ሲያዜሙ ሰማ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ለራዲዮ ማስታወቂያ ግጥም ትሠሩልኛላችሁ?»

«ምን ዓይነት ግጥም?» አለች ዙፋን።

«አጭር። ሠላሳ ሰከንድ ነው የሚሰጡን። የዘይቱ ስም መጀመሪያውኑ ይጠራ፣ እየተመላለሰም ይጠራ። ብዙ አታውሩ፤ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። የሌላውን ዘይት በስሙ አታንሱ። ዜማው ደግሞ ሴት ቡና ስትወቅጥ ሳታውቀው የምታንጎራጉረው ይሁን። በየገበያው መገኘቱን የራዲዮው ተናጋሪ በመጨረሻ ይጨምርበታል።»

ዙፋን ስሙን በአፏ አገላበጠችው። ጸዳል። ምቱ ላይ የሚያርፍ ስም ነው። ሽሮው ሳይወርድ ግጥሙ አለቀ፦

«ጸዳል ጸዳል ዘይት፣ የሰሊጥ ወለላ፣
የቀመሰህማ አይፈልግም ሌላ።
ጓዳችን ይለወጥ፣ አሮጌው ይውጣና፣
የሰሊጡ ጸዳል መጥቶልናልና።»

ቸሩ ጭኑን መታ። «ይኸ ነው! አዲስ አበባ ሄዳችሁ አስቀርጹት።»

የመሄጃው ሰሞን ግን ዙፋንን ወባ ጣላት። የሻረግ ከቀበሌ የተሰጣትን የይለፍ ወረቀት ይዛ ከቸሩ ጋር ብቻዋን ተሳፈረች።

«ግጥሜን አደራ» አለቻት ዙፋን ከአልጋዋ ላይ።

«ያንቺ የኔ አይደል?» አለች የሻረግ፣ ግንባሯን እየሳመቻት።

ዙፋን ዳነች። የሻረግ አልተመለሰችም። ደብዳቤም፣ ሰላምታም የለም። አጨዳው አልፎ ሰሊጡ ሲራገፍ፣ አንድ ቀን ከምሳ ሰዓቱ ዜና በኋላ ራዲዮው በመሰንቆ ጀመረ። «ጸዳል ጸዳል ዘይት…»

ዙፋን እጇ ሊጥ እንደሆነ ቆመች። የብዙ ሴቶች ድምፅ ስለሆነ የየሻረግን ለይታ አልሰማችም። ዘፈኑ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ፊቷ ተለወጠ። «ማጀታችን ይለወጥ» ይላል! ምቱ ተሰብሯል፤ ዜማው አንድ እግሩን እንደ ታመመ በሬ ያነክሳል።

«የኔን ‹ጓዳችን› ጥላ የራሷን ቃል ከተተችበት» አለች። «ስሜን ልታጠፋው ነው።»

ዘፈኑ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። ኮኪት፣ አብርሃ ጅራ፣ አብደራፊ፣ በየገበያው የማይዘፍነው የለም። የጸዳል ቆርቆሮም ከመኪና ሳይወርድ ይሻሙት ጀመር። ሰው ሁሉ «የየሻረግ ዘፈን» ይላል። ዙፋን በሰማች ቁጥር ድስቱን በማማሰያው ትመታለች።

ቸሩ ዘይት ጭኖ ሲመለስ ገበያው መሀል ያዘችው።

«የሻረግስ?»

ሰውዬው ዙሪያውን አየ። «እዚያው ቀረች።»

«ግጥሙን ማን ሠራው ሲሏት ምን አለች?»

ቸሩ አጎነበሰ። «እኔ ነኝ አለች።»

«አንተስ ሰምተህ ዝም አልህ?»

«ዝም አልሁ» አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንቺም ብትተይው ይሻልሻል።»

ይህ አነደዳት። የሻረግን በገንዘብ ገዝቷታል ማለት ነው፤ ተማክረው ነው የበሉኝ አለች በልቧ። የጸዳል ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ሰዎች፣ ስሙኝ! ያ ዘፈን የኔ ነው! የሻረግ ሌባ ናት!

ግጥሜን አደራ ብል፣ እንደ እህት አምኛት፣
እንደ ዘይት ሾልካ፣ ከእጄ ላይ አጣኋት!»

ገበያው ሳቀ፣ አጨበጨበ። «ድገሚው ዙፋን!» አሉ። ልትደግመው አፏን ስትከፍት ቸሩ ክንዷን ይዞ አወረዳትና ከመኪናው ጀርባ ጎተታት። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

«ልቀቀኝ! እሷ እዚያ በስሜ ትንቀባረር፣ እኔ እዚህ አፌን ልዝጋ?»

«ዝም በይ፣ በማርያም! ግጥሙን የሚመረምሩት የመንግሥት ሰዎች ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ፣ ‹የትኛው ጓዳችን ነው የሚለወጠው፣ የትኛው ጓድ ነው አሮጌው?› ብለው ወሰዷት፤ እስር ቤት ሆና ስትገረፍም፣ ‹እኔው ብቻዬን ነኝ የሠራሁት› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።»