የኡስታ ሸውቂ አጎት

በአናጢዎቹ ከተማ በደምያጥ ወንበር ያለ ሁለት እጅ አይወጣም። አናጢው ኡስታ ሸውቂ እንጨቱን ጠርቦ፣ ያለቀበትን ቀን ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ ይጽፋል፤ ሲሃም ደግሞ ጨርቁን ትሰፋለች። አሁን ሁለቱም ለአንድ ሆቴል ሠላሳ ወንበር በወሩ አሥር ሊያስረክቡ ተዋውለዋል።

የሲሃም ጨርቅ ግን ወደብ ላይ ተይዟል። ቀን አንዴ አስለውጣለች፤ ሁለተኛ ከጠየቀች ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ ስፌት ቤቱም ይዘጋል። ጭንቀቷን ለማንም አልነገረችም።

በወሩ አራት ረፋዱ ላይ ሸውቂ ደወለ።

«ምነው ዛሬ ስፌት ቤቱ ጭር አለ? የመኪናዎቹ ድምፅ አይሰማም።»

«ሰፊዎቹ ሴቶች ምሳ ወጥተው ነው» አለችው፤ የምሳ ሰዓት ግን ገና ነበር።

በወሩ ስድስት መልእክቱ መጣ። «አጎቴ ዛኪ አረፉ። ለቅሶ ላይ ነኝ፤ ለአሥር የምደርስ አይመስለኝም።»

ጸሐፊዋ ፋይቃ አንብባ ሳቀች። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ አጎት ስንቴ ነው የሚቀብረው? አምና ለቅሶ የደረስነው ለማን ነበር?»

ሲሃም ስልኳን በረበረች። አምና የላከችው ማጽናኛ እዚያው አለ፤ ስሙም ያው ዛኪ ነው። ደሟ ፈላ። በሙት ከሚነግድ ሰው ጋር ነው ለካ ስትሠራ የኖረችው! ይባስ ብሎ ውሸቱ እሷን ያድናታል፤ ይሄ ደግሞ ከንዴቱ በላይ አሳፈራት።

መጀመሪያ ለሆቴሉ ዕቃ ገዢ ደወለች።

«ለቅሶ ከሆነማ ምን ይባላል» አለ ሰውዬው። «ለሁለታችሁም ሃያ አምስት ይሁን። በጽሑፍ እልክልሻለሁ።»

ጽሑፉ ሲደርሳት ፋይቃ ማጽናኛውን አርቅቃ አመጣች። «የርክክቡን ቀን በተመለከተ» ብሎ ይጀምራል።

«ሐዘኑ ይቅደም እንጂ!» አለች ሲሃም። «ደግሞ ‹ከፈለጉ እናራዝማለን› የሚለውን አውጪው። ሐዘንተኛ እንዲለምን አይደረግም።»

«ለዚህ ውሸታም?»

«ለማንም።»

ጥርሷን ነክሳ ራሷ ጻፈችው።

«ኡስታ ሸውቂ፣ የቀረው ዕድሜ ለእርስዎ ይሁን። አጎትዎን ዛኪን አላህ ይማራቸው። ርክክቡ ወደ ሃያ አምስት ተዛውሯል፤ ሆቴሉ በጽሑፍ ተስማምቷል፤ ቅጣት የለም። ሥራ ነክ ጥያቄ ቢመጣ ፋይቃ ትመልሳለች። ለዚህ መልስ መጻፍ አይጠበቅብዎትም።»

አንብባ ላከችለት።

ጨርቁ በአሥራ ሁለት ተለቀቀ። የስፌት መኪናዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ተንጫጩ፤ በሃያ አራት የመጨረሻው የወንበር ልብስ ተሰፋ። ሲሃም የምትናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ አሰናድታ ሸውቂ ግቢ ደረሰች። ያ ሰው ሁለተኛ በሙታን ስም እንዳይዋሽ አድርጋ ልትነግረው ነው።

ሸውቂ የቀትር ሶላት ሄዷል። ዘበኛው የወንበሮቹን መሸፈኛ ሸራ ገለጠላት። ሠላሳው ወንበር ተደርድሯል፤ ሸራው ላይ የነበረው አቧራ አስነጠሳት። የመጨረሻውን አንስታ ገለበጠችው።

ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ የተጻፈው ቀን የዚሁ ወር ሦስት ነበር፤ ሸውቂ ደውሎ ስፌት ቤቱ ለምን ጭር እንዳለ ከጠየቃት አንድ ቀን በፊት።