የይመናሹ ሳቅ

በዳማ ያሸነፈ በተሸናፊው ይቀልዳል፤ ወጉ ነው። የስንሻው የልጅነት ጓደኛ የስንሻውን የመጨረሻ ቆርኪ በልቶ እንዳሸነፈ፣ አምና የሞተችው የስንሻው ሚስት ይመናሹ ባሏ በተሸነፈ ቁጥር እዚሁ የቤታቸው በር ላይ ቆማ የምትስቀውን ሳቅ አስመስሎ ሳቀ። ተመልካቾቹም አብረውት ሳቁ።

ስንሻው ገበታውን ገለበጠው። «እሷ መቀለጃህ ናት? አንተም ጓደኛ ተብለህ!»

ጓደኛው «ቀልድ እኮ ነው» ሊል ቃጥቶት ዋጠው። ተመልካቾቹን በምልክት አሰናበታቸውና ተቀመጠ። ስንሻው የሆዱን ተናግሮ እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«በእሷ ሳቅ መቀለዴ ልክ አልነበረም፤ ያውም ሰው ፊት። ይቅር በለኝ» አለ። «ግን» የምትል ቃል አልጨመረም። «ብቻህን መሆን ከፈለግህ ልሂድና ነገ ልምጣ። ያንን ሳቅ ሁለተኛ ከእኔ አትሰማም።»

ስንሻው ጎንበስ ብሎ ቆርኪዎቹን ከመሬት ለቀመ፤ ገበታው ላይም አንድ በአንድ ደረደራቸው። ከኋላው የቤቱ በር ክፍት ነው፤ ውስጡ ጭር ብሏል።

«ሰዎቹ ሄደዋል?»

«ሄደዋል።»

«እስቲ ሳቋን ድገምልኝ» አለ ስንሻው፣ ወደ በሩ ዞር ብሎ እያየ።