የቀዩ ቀን ባለቤት

ተሰዳ በምትሠራበት አገር አለቃዋ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ዒዱ መቼ ነው?» አላት። «ጨረቃ ከታየች ሐሙስ፣ ካልታየች ዓርብ» አለችው። ሳቀ። «ሲስተሙ ጨረቃ አያውቅም። ሁለቱንም ቀን ከዓመት ፈቃድሽ ጠይቂ፣ የማትወስጂውን እሰርዝልሻለሁ። ግን ደመወዝ የምንሠራበት ሳምንት ነው፤ ማን ይሸፍንልሻል?»

«እኔ አለሁ» አለች ተከትላት መጥታ በሩ ላይ የቆመችው የጎን ባልደረባዋ። ማመስገን ሲገባት ፊቷን አዞረች። የዚህችኛዋ በዓል፣ ገና፣ በኩባንያው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ታትሟል። ማን ይሸፍንልሻል የሚላት የለም፣ ከፈቃዷ አይቀነስባትም፣ ዋዜማው ላይ እንኳን ኬክ ይቆረስላታል። እሷ ግን ለገዛ በዓሏ እንደ ለማኝ ደጅ ትጠናለች።

ወንበራቸው ላይ እንደተመለሱ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ በቀይ ተጽፎልሻል!» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጣት። ባልደረባዋ የጠረጴዛዋን የቀን መቁጠሪያ አነሳች። ጣቷ ቀዩን ቀን አልፎ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ወደሚቀጥለው ወር ወርዶ፣ ባዶ ሰኞ ላይ ቆመ።

«የኛ የኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ገናን የሚያከብረው በዚህ ቀን ነው። በቀዩ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ልብስ አጥባለሁ፤ በበዓሌ ቀን እዚህ ደመወዝ እሠራለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትጠይቂም?»

«‹የናንተማ አለ አይደል እንዴ› እንዳይሉኝ ፈርቼ ነዋ!» አለችና መቁጠሪያውን በፊቱ ደፋችው። «ዛሬ ለበዓልሽ ደፍረሽ የአለቃን በር አንኳኩተሽ ስትገቢ ሳይሽ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅናት ነው ከወንበሬ አንስቶ አንቺን ያስከተለኝ።»