ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ለልጄ ለራሄል ሠርግ ዘመዶች ነገ ከአዲስ አበባ ይገባሉ። የሚያድሩት ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ዓመት ሙሉ በዘጋሁት ክፍል ነው። ቁልፉ ከእኔ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ስከፍተው በረሮ ወሮታል።

የራሄል ታናሽ ወንድም ናቲ ከጁባ ታውን ገበያ ለበረሮ መርዝ የሚሆን ቦሪክ አሲድ ገዝቶ መጣ። ጓንት አጥልቆ ከስኳርና ከዱቄት ጋር በጥቂት ውሃ ለወሰና በጠርሙስ ቆርኪዎች ላይ ቆንጥሮ አኖረ።

«እማዬ፣ ፍሊትም ልንፋበት?»

«ተው፣ ሽታው ያሸሻቸዋል። ሊጡን ሳይበሉ ወደ ሳሎን ይበተናሉ።»

«የራሄል አማት ቀሚስ ውስጥ ቢገቡስ?»

«አንተን ነው የማስገባው!» አለች ራሄል ከጓዳ።

ይህን ሥራ አባታቸው ነበር የሚሠራው። ጓንት አይወድም ነበር፤ ሊጡን በአውራ ጣቱ ሲጫነው የጣቱ ጠባሳ ሰያፍ መስመር ይተውበት ነበር። በዚህ ሙቀት ሊጡ ቶሎ ደርቆ ድንጋይ ስለሚሆን በየጊዜው ይቀይረው ነበር።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅነው። ናቲ ተንበርክኮ በባትሪ አየ።

«እዚህ ሊጥ አስቀምጠሽ ነበር እንዴ?»

«እኔ አላስቀመጥኩም። የአባትህ አሮጌ ይሆናል፤ ጠርገህ ጣለው።»

«አሮጌ አይደለም፣ እማዬ።»

ቆርኪውን አቀበለኝ። ሊጡ ነጭና ርጥብ ነበር። መሃሉ በአውራ ጣት ተጭኗል፤ በአሻራው ላይ ሰያፍ መስመር አለ።