መስኮት ሥር የተጠጋው ወንበር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። አላስመሻችሁም፤ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ልጅቷ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አያቷ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል፤ እሷ ግን እንባ ጠብ አላላትም። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና ነኝ» ትላለች። አልዋሸችም። ደህና ነበረች፤ ለመንቀል መርፌ የተወጋ ጥርስ ደህና እንደሚሆነው።

አንድ ቀን ተነስታ ሁለት ክፍሏን ላድስ አለች። ቀለም ቀቢ ጠራች። ቀቢው ዕቃውን ወደ ጓሮ ሲያወጣ ወለሉን አይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ በዚህ ቤት ባቡር ያልፍ ነበር እንዴ?»

ከአልጋው እስከ መጸዳጃው፣ ከመጸዳጃው እስከ ውጭ በር፣ ሁለት ጭረት ጎን ለጎን ተሰምሯል።

«ያረጀ ቤት ነው። ምንጣፍ ይለብሳል» አለችው።

ከዕቃው ሁሉ መላ የጠፋለት አንድ ወንበር ብቻ ነው። የእንጨት፣ የእጅ መደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው ሞላ የገባበት የድሮ ወንበር። የጀርባው አናት ላይ ጨርቁ ግራና ቀኝ ተልጦ እንጨቱ አግጥጧል። እግሮቹ ተበልተዋል። መቀመጫው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ከድሮ ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው።

አያትየው «ዙፋኔ» ነበር የምትለው። ልጅቷ በምሳ ሰዓት ደውላ «ምን እየሠራሽ ነው?» ስትላት መልሱ አንድ ነው።

«ዙፋኔ ላይ ጉብ ብያለሁ። ምን ጎደለብኝ?»

ማታ ልጅቷ በሩን ስትከፍት አያቷ ከወንበሩ ኋላ ቆማ፣ ጀርባውን በሁለት እጇ ይዛ ትቀበላታለች። «አሁን ገና ብድግ ማለቴ ነው» ትላለች። አንዴ ልጅቷ ከሥራ ቦታዋ ምርኩዝ ላምጣልሽ ብትላት፣ አያት ሆዬ «ምርኩዝ ለአሮጊት ነው!» ብላ አሳቀቻት። በዚያው ቀረ።

አክስቷ ወንበሩ እንዲወጣ ነው የምትፈልገው።

«ጣይው! እናቴን የጨረሳት ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መዋል እግር ያስራል። እግሯ ከድቷት አይደል ያን ቀን የወደቀችው?» ቀጠለችና ደግሞ፣ «ግን ሳይፈተሽ እንዳይወጣ። ያ የጠፋው የጆሮ ወርቋ የት ገባ? እናቴ እንደሁ ነገር ስትደብቅ ሰይጣንም አያገኘው።»

ልጅቷ ወንበሩን ለመጣል እጇ እንቢ ያላት በወርቁ ምክንያት አልነበረም። በዚያ የመጨረሻ ጠዋት ወንበሩን ከአልጋው አጠገብ አንስታ ወለሉን ከወለወለች በኋላ፣ አያቷን ፀሐይ እንዲያገኛት ብላ መስኮቱ ሥር አስጠግታላት ነበር። ማታ ስትመለስ አያቷን በአልጋውና በመስኮቱ መሀል ወድቃ አገኘቻት። ልጅቷ ስለዚያ ቀን ስታስብ የምትይዘው ነገር ቢኖር ይህቺው አንዷ ናት፦ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አድርጌላት ወጥቻለሁ።

ሁለቱ ሴቶች ወንበሩን ተሸክመው ሶፋ ሠሪው ዘንድ ወሰዱት። ሶፋ ሠሪው ጎልማሳ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ። ገና ሳይነኩት ዘጭ ብለው ተቀመጡበትና ለመነሳት ተቸገሩ።

«ኧረ በሕግ! ይሄ እኮ ዝቅ ከማለቱ ጉድጓድ ነው። እኔን ጉልበቴን የሚያመኝን ሰው ውጦ ሊያስቀረኝ ነበር።»

«አያቴ ቀኑን ሙሉ እዚህ ላይ ነበረች» አለች ልጅቷ።

«ጎበዝ ነበሩ በያ። እንግዲህ ስሚኝ የኔ ልጅ፣ አጥንቱ ደህና ነው። ጨርቁንና እግሩን እኔ አስተካክላለሁ። ነገሩ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ሰው ሲቀመጥበት የኖረ ወንበር ጠፍሩ ይረግባል፣ ሞላው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሲባጎው ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል፣ ጥጡ እንደ ወረቀት ይተኛል። ይሄ ሁሉ ከሆነ አዲስ መሥራት ይሻላል፤ አትድከሚ።»

«ካለቀ ይጣሉት። ደህና ከሆነ እወስደዋለሁ» አለች። ድምጿ የመድኃኒት አወሳሰድ የምትነግር ይመስል ነበር።

አክስትየው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ሲከፍቱት እኔ ልይ እንጂ።»

ሶፋ ሠሪው ወንበሩን ገለበጡ። ከሥር ያለውን አቧራ መከላከያ ጨርቅ በቢላ ቀደዱ። እጃቸውን ሰደው ጠፍሮቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ሞላዎቹን ቆጠሩ፤ ዘጠኝ። በጣታቸው ሲነኩት ሲባጎው እንደ ክራር ድው አለ። ቀና ብለው ልጅቷን አዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ወርቁ አለ?» አለች አክስት።

«የለም።»

ወንበሩን መልሰው አቆሙት። ብርድ ልብሱን አነሱ። ከሥሩ ያለው ጨርቅ አበባው ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ሚስማሮቹን በጉጠት ነቃቀሉ፤ ጨርቁን ገለጡ፤ ጆንያውን ገለጡ። ጥጡ ነጭ ነው፤ እንደተነፋፋ ነው። በመዳፋቸው ተጫኑት፤ ተመልሶ ተነሳ።

«እንግዲያው ደህና ነው ማለት ነው» አለች ልጅቷ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሽው አለ። «ትወደው ነበር። ተጠንቅቃ ነው የተቀመጠችበት።»

ሶፋ ሠሪው ወደ ወንበሩ ኋላ ዞረው ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ጨርቁ በተላጠበት ግራና ቀኝ ላይ አሳረፉ፤ ልክክ አለ። ወደፊት ገፋ አደረጉት። የተበሉት እግሮች የሱቁን ወለል እየጫሩ ሄዱ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም፤ ይዘውት ሲሄዱበት ነው የኖሩት።»