የአባቱ ጉርሻ

አባቱ ታመው ቤቱ ከገቡ ወዲህ ምሳ ሰዓት ያስጠላዋል። ሚስቱ ውባለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሽማግሌውን ታበላለች። እሳቸውም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው መልሰው ያጎርሷታል፤ ይሳሳቃሉ። እሱ በር ላይ ቆሞ ያያል። በልጅነቱ ባለቀሰ ቁጥር አባቱ «አፍህን ዝጋ!» ይሉት ነበር። ዘግቶ አደገ።

«ዛሬም አኮረፍክ? ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«ምንም ብሎ ነገር የለም። ተናደሃል?»

አዎ ሊል ነበር። ንዴቱን ግን ያውቀዋል፤ ፊቱን ያግለዋል፣ በር ያስወረውረዋል። ይሄኛው ሌላ ነው። ማንንም መምታት አላማረውም፤ ያማረው እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ነው።

«ቅናት ነው» አለ። «ቀንቻለሁ።»

ውባለም ሳቀች። «በአባባ? በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ? አንተ ሰው፣ አታፍርም!»

«በእሳቸው አይደለም። በአንቺ ነው። እኔን አንድ ቀን አጉርሰውኝ አያውቁም።»

የሽማግሌው እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ወጡ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ና» አሉት። «አፍህን ክፈት።»